ቢጫው ሲበራ ረፍዷል፦ ስለ ኤስኤልኤ ለሰርቪስ ዴስክ ልጆች የተናገርኩት

(ቅዳሜ በነበረን የሰርቪስ ዴስክ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ጽሑፉን ላክልን ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ ከቅጂው ላይ እንዳለ ገልብጬ ለጥፌዋለሁ።)

እንደምን አላችሁ? ጤና ይስጥልኝ! ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፍ ተነስቶ ስለ ቲኬት ለመስማት መምጣት ቀላል አይደለም፣ ሌሊት ሺፍት ገብታችሁ በቀጥታ የመጣችሁም እንዳላችሁ አይቻለሁ፣ በጣም ነው የማመሰግነው።

ዛሬ ስለ ኤስኤልኤ፣ ማለትም ቲኬት ሲከፈት በስንት ጊዜ እንደምንመልስና እንደምንፈታ ለደንበኛው በውል ስለገባነው ቃል፣ ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ ሰዓቱ እንዴት እንደሚቆጥር፣ ሁለተኛ እውነተኛው ዴድላይን የቱ እንደሆነ፣ ሦስተኛ ደግሞ እንደማንደርስ ካወቅን ምን እንደምናደርግ። ሦስተኛው ላይ ነው ብዙ የምቆየው፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ስልጠና ላይ ትንሽም ቢሆን ይነግሩናል፣ ሦስተኛውን ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረንም፣ ከጎናችን ካለው ልጅ እያየን ነው የምንለምደው፣ ልጁ ደግሞ መጥፎ ልማድ ካለው እሱኑ ይዘን እንቀራለን።

እሺ፣ አንድ ቲኬት ይዘን እንሂድ። እውነተኛ ነው፣ የደንበኛውን ስም ብቻ ነው የማልናገረው። ቅርንጫፎች ያሉት ድርጅት ነው። የሐዋሳ ቅርንጫፉ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሲስተም ጋር የሚገናኝበት ቪፒኤን ተቋረጠ። ገንዘብ ተቀባዮቹ ሲስተሙን መክፈት አልቻሉም። ቲኬቱ የተከፈተው ሐሙስ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ነው። ፕራዮሪቲው ሁለት ነው፣ በውሉ መሠረት ለፕራዮሪቲ ሁለት የመጀመሪያ ምላሽ በ30 ደቂቃ፣ መፍትሔ ደግሞ በ8 የሥራ ሰዓት።

አሁን ልጠይቃችሁ። ይሄ ቲኬት መቼ ነው የሚያልቅበት? ሐሙስ 9 ሰዓት ላይ ስምንት ስትደምሩ ሌሊት 11 ሰዓት ይመጣል፣ አይደል? ግን አይደለም። "የሥራ ሰዓት" ነው የተባለው። ሲስተሙ ውስጥ ካላንደር የሚባል ነገር አለ፣ ሰዓቱ የሚቆጥረው ካላንደሩ "ሥራ ላይ ናቸው" ባለው ጊዜ ብቻ ነው። የዚህ ደንበኛ ካላንደር እንደ መንግሥት ሥራ ሰዓት ነው የተሞላው፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከዚያ ከ7:30 እስከ 11:30። አርብ ግን ለጁምዓ ሰላት ተብሎ ጠዋቱ 5:30 ላይ ያልቃል፣ ከሰዓት በ7:30 ይጀምራል።

እንቁጠር። ሐሙስ ከ9 እስከ 11:30 ሁለት ሰዓት ተኩል። አምስት ሰዓት ተኩል ቀረ። አርብ ጠዋት ከ2:30 እስከ 5:30 ሦስት ሰዓት። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀረ። ከ7:30 ስንጀምር 10 ሰዓት ላይ ያልቃል። ስለዚህ ዴድላይኑ አርብ ከሰዓት 10 ሰዓት ነው። ካላንደሩን የሞላው ሰው የአርብን ነገር ረስቶ እንደ ሌላው ቀን አንድ ሰዓት ምሳ ብቻ ቢያደርገው ኖሮ 9 ሰዓት ይመጣ ነበር። ቲኬቱ ያው፣ ውሉ ያው፣ አንድ ሰዓት ልዩነት! ለዚህ ነው አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ካላንደሩን ክፈቱና እዩ የምለው። በዓላቱንም እዩ። ገና እና ጥምቀት ቀናቸው ስለሚታወቅ አስቀድሞ ይሞላሉ፣ ኢድ ግን በጨረቃ ስለሆነ አንድ ሰው ኃላፊነት ወስዶ በየዓመቱ ካላስገባው ሲስተሙ በበዓል ቀን ዝም ብሎ ሲቆጥር ይውላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላውራና እመለሳለሁ። ድሮ አንድ ቦታ ስሠራ ኤጀንቶቹ ሁሉ "ይሄ ሲስተም አብዷል" ይሉ ነበር። ጠዋት የመጣ ቲኬት ሰዓቱ አይንቀሳቀስም፣ ማታ ሁሉም ቤቱ ከገባ በኋላ ይቆጥራል። ምን ነበር መሰላችሁ? የካላንደሩ የሰዓት ቀጠና የእኛ አልነበረም፣ ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ላይ ነበር የተተወው። እኛ ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን፣ ስለዚህ ለሲስተሙ የጠዋቱ ሥራ የሚጀምረው በእኛ 5:30 ላይ ነው፣ የሚያበቃው ደግሞ ማታ 2:30። ለማወቅ ቀላል ነው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሙከራ ቲኬት ክፈቱና አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ እዩት። ቁጥሩ ካልቀነሰ ችግሩ እዚያ ነው። ይሄን ማንም ኤጀንት ማድረግ ይችላል፣ አድሚን መሆን አያስፈልግም።

እሺ ወደ ሐዋሳ። ኤጀንቷ በ20 ደቂቃ ውስጥ ደወለች፣ ቲኬቱም ላይ መልስ ጻፈች፣ የመጀመሪያው ምላሽ ሰዓት ቆመ። ልብ በሉ፣ የቆመው እሱ ብቻ ነው። ሁለት ቆጣሪዎች ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት፣ አንዱ ቆመ ማለት ሌላው ቆመ ማለት አይደለም፣ አዳዲስ ልጆች መልስ ከላኩ በኋላ ቲኬቱን የሚረሱት አረንጓዴ ምልክት አይተው ያለቀ ስለሚመስላቸው ነው።

10 ሰዓት ላይ ኤጀንቷ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፣ "ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን መልእክት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ሌላ ድረ ገጽስ ይከፍትላችኋል?" ብላ። ስታተሱን "ደንበኛ እየጠበቅን" አደረገችው፣ ሰዓቱ ፖዝ አለ። ይሄ ትክክል ነው፣ ያለዚያ መረጃ መቀጠል አትችልም። 10:30 ላይ መልስ መጣ፣ ሰዓቱ ቀጠለ። ፖዝ የነበረው ግማሽ ሰዓት ተጨመረና አዲሱ ዴድላይን አርብ 10:30 ሆነ።

ግን መልሱ እንዴት እንደመጣ ስሙ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በቲኬቱ ላይ አልመለሱም፣ አዲስ ኢሜይል ነው የላኩት። አዲስ ኢሜይል ደግሞ አዲስ ቲኬት ይከፍታል። የመጀመሪያው ቲኬት እዚያው ፖዝ እንዳለ ይቀመጣል፣ ስክሪን ላይ ምንም አደጋ አይታይም፣ ሰውየው ግን መልሼላቸዋለሁ ብለው እየጠበቁን ነው። ኤጀንቷ ኪው፣ ማለትም የቲኬቶቹ ወረፋ፣ ውስጥ የገባውን አዲስ ቲኬት ወዲያው አይታ ከዋናው ጋር ስላዋሃደችው ተረፍን። በስልክ ሲመልሱም እንደዚያው ነው፣ ስልኩን ያነሳው ሰው ስታተሱን ካልቀየረው ሰዓቱ ተኝቷል። ስለዚህ ፖዝ ያሉ ቲኬቶችን ቢያንስ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አንድ ጊዜ እየከፈታችሁ እዩ። ደህና የሚመስለው ቲኬት ነው ብዙ ጊዜ የሚጎዳን።

አሁን ሁለተኛው ነጥብ። እውነተኛው ዴድላይን የቱ ነው?

ስክሪኑ አርብ 10:30 ይላል። ቡድናችን ውስጥ አንድ ሰዓት ሲቀረው ቢጫ ይበራል፣ ማለትም 9:30 ላይ። ጥሩ ይመስላል፣ አይደል? አይደለም! ለምን? ምክንያቱም ይሄን ችግር የሚፈታው ኤጀንቷ አይደለችም፣ የኔትወርክ ቡድኑ ነው። የኔትወርክ ቡድኑ ደግሞ ከእኛ ጋር የራሱ የውስጥ ስምምነት አለው፣ ቲኬት ከደረሰው በ4 የሥራ ሰዓት ውስጥ ይሠራል። ደንበኛው ይሄን አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። እኛ ግን ማወቅ አለብን።

ወደ ኋላ እንቁጠር። ከ10:30 እስከ 7:30 ሦስት ሰዓት። አንድ ሰዓት ይቀራል፣ ምሳውን ዘለን ከ5:30 ወደ 4:30። እውነተኛው ዴድላይን አርብ ጠዋት 4:30 ነው። ከዚያ በፊት ኔትወርክ ቡድኑ እጅ ካልገባ ቀሪው ዕድል ነው። ቢጫውን 9:30 ላይ አይተን ብናስተላልፍስ? አርብ ሁለት ሰዓት ይሠራሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ሥራ የለም፣ ሌላው ሁለት ሰዓት ሰኞ ነው፣ ሰኞ 4:30 ላይ ይመልሱልናል፣ እነሱ እኮ ምንም ስምምነት አልጣሱም! በሰዓታቸው ነው የሠሩት። እኛ ግን ሐዋሳን ከአርብ እስከ ሰኞ አቆምናት።

ስለዚህ ቢጫው መብራት ያለበት አንድ ሰዓት ሲቀር አይደለም፣ ቀጣዩ እጅ የሚፈልገው ጊዜ ሲቀር ነው፣ ከትንሽ ትርፍ ጋር። ለኛ አራት ሰዓት ተኩል ሲቀር ሆነ። ቲኬቶቹን በጂራ ሶፍትዌር የምትይዙ እንዲህ ብላችሁ የራሱ ኪው ማድረግ ትችላላችሁ፦

```
"Time to resolution" = running()
AND "Time to resolution" < remaining("270m")
ORDER BY "Time to resolution" ASC
```

270 ደቂቃ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ይሄ ኪው ውስጥ የገባ ቲኬት ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፣ "እኔ ነኝ የምጨርሰው ወይስ ሌላ ሰው?" እኔ ነኝ ካላችሁ ቀጥሉ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አሁኑኑ አስተላልፉ፣ ትንሽ ልሞክር እያላችሁ የምታቃጥሉት ሰዓት የእናንተ አይደለም፣ የሚቀጥለው ሰው ነው። እዚህ ላይ በጣም ነው የምከራከረው፣ ብዙ ጎበዝ ልጆች ቲኬት ማስተላለፍን እንደ ሽንፈት ያዩታል፣ ለራሳቸው ክብር ብለው ቲኬቱን ይይዙታል፣ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሐዋሳ ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ናት።

ስታስተላልፉ ደግሞ ባዶውን አትስጡ። "ቪፒኤን አይሠራም፣ እባካችሁ እዩት" ብሎ መላክ ማለት የኔትወርክ ባለሙያው እናንተ የጠየቃችሁትን እንደገና እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። የኛ ኤጀንት 4:15 ላይ ስታስተላልፍ እንዲህ ነው የጻፈችው፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ድረ ገጽ ይከፍታል፣ የማይሠራው ቪፒኤኑ ብቻ ነው፣ የጀመረው ሐሙስ ነው፣ ረቡዕ ማታ የኢንተርኔት መስመሩ ላይ ጥገና ነበር፣ የሚመጣው መልእክት ይሄው ፎቶው፣ ዴድላይን 10:30። "ጥገና ነበር" የምትለዋ ቃል ናት ነገሩን የፈታችው። ባለሙያው ወዲያው የቅርንጫፉን የኢንተርኔት አድራሻ አየ፣ ተቀይሯል። የዋናው መሥሪያ ቤት ፋየርዎል የሚያውቀው የድሮውን አድራሻ ስለሆነ ቅርንጫፉን አላውቅህም እያለ ይመልሰዋል። 5:10 ላይ ምክንያቱ ታወቀ።

አለቀ ትላላችሁ፣ አድራሻውን መቀየር እኮ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግን ፋየርዎል ላይ ለውጥ ሲደረግ በእኛ ድርጅት ሁለት ሰው መፈረም አለበት። አንዱ ፈረመ። ሁለተኛው ሌላ ደንበኛ ጋ ወጥቶ እስከ 11 ሰዓት አይገኝም፣ ተተኪ አልነበረውም። ደወልን፣ አጣደፍን፣ አልሆነም። ስለዚህ 5:20 ላይ፣ ሰዓቱ ገና ሦስት ሰዓት ከአሥር እያለው፣ ስክሪኑ አረንጓዴ እያለ፣ እኛ እንደማንደርስ አውቀናል።

እዚህ ጋ ነው ሦስተኛው ነጥብ። ምን ታደርጋላችሁ?

የማይደረገውን ልናገር። አንድ ድርጅት ውስጥ ስሠራ፣ ስሙን አልጠራም፣ ልማዱ እንዲህ ነበር። ዴድላይኑ አምስት ደቂቃ ሲቀረው "ችግሩ አሁንም አለ ወይ?" ብለው ለደንበኛው ይጽፉና ፖዝ ያደርጉታል። ችግሩ እንዳለ ያውቃሉ እኮ! ሰዓቱን ለማቆም ነው። ሌሎች ደግሞ ፕራዮሪቲውን ከሁለት ወደ ሦስት ያወርዱታል፣ ወይ ዘግተውት ደንበኛው ሲጮህ እንደ አዲስ ይከፍቱታል። የወሩ ሪፖርት ሁሌ አረንጓዴ ነው። በሙያው ይሄን ሐብሐብ ይሉታል፣ ውጪው አረንጓዴ ውስጡ ቀይ። ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ደንበኛው የራሱን መዝገብ ይዞ መጣ፣ የትኛው ቅርንጫፍ በየትኛው ቀን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ሥራ እንደቆመ በእጅ የተጻፈ። ከእኛ ሪፖርት ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ማንም መልስ አልነበረውም። ውሉም አልታደሰም። ያን ቀን የነበረው ዝምታ ያማል፣ ምክንያቱም ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ውስጥ በጣም የሚለፉ ልጆች ነበሩ፣ የነሱም ሥራ አብሮ ነው ዋጋ ያጣው።

የኛ ቲኬት ፖዝ ይደረጋል ወይ? ፊርማ እየጠበቅን ነው አይደል? አይደረግም። የምንጠብቀው የራሳችንን ሰው ነው። የሚፈርመው ደንበኛው ቢሆን ኖሮ፣ ውሉም ይሄን የሚፈቅድ ከሆነ፣ ደንበኛውም "ሰዓቱን እዚህ ጋ አቁመናል" ተብሎ በግልጽ ከተነገረው፣ ያኔ ፖዝ ትክክል ነው። ልዩነቱ ማንን ነው የምንጠብቀው የሚለው ነው።

ስለዚህ ምን አደረግን? 5:20 ላይ ደወልን። ለምን ያኔ? አርብ ነው፣ 5:30 ላይ ይወጣሉ፣ ከ7:30 በኋላ ብንነግራቸው ሁለት ሰዓት የዝግጅት ጊዜ ነጠቅናቸው ማለት ነው። ካመለጠ በኋላ የሚነገር ነገር ይቅርታ ነው፣ ከማምለጡ በፊት የሚነገር ነገር ግን ሰውየው የሆነ ነገር የሚያደርግበት መረጃ ነው። ሥራ አስኪያጁ የቀኑን ሒሳብ ማታ መዝጋት አለባቸው፣ እንደማንደርስ ጠዋት ካወቁ ሌላ መንገድ ያስባሉ፣ 10:31 ላይ ካወቁ ግን የሚያስቡበት ጊዜ የለም።

ከስልኩ በኋላ ቲኬቱ ላይ በጽሑፍ ያስገባነው ይሄ ነው፣ ቃል በቃል አነበዋለሁ፦

"ጤና ይስጥልኝ። በስልክ እንደተነጋገርነው የቪፒኤኑ ችግር ምክንያት ታውቋል። ረቡዕ ማታ በነበረው የመስመር ጥገና የቅርንጫፉ የኢንተርኔት አድራሻ ተቀይሯል፣ ፋየርዎሉ አዲሱን አድራሻ አያውቀውም። ማስተካከያው የእኛን ሁለተኛ ፈራሚ ይጠብቃል፣ የሚገኙት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ቃል የገባነውን 10:30 አንደርስም፣ 11:15 ላይ እንጨርሳለን ብለን እንጠብቃለን። እስከዚያ ሥራ እንዳይቆም ለሁለት ላፕቶፕ የግል ቪፒኤን እንከፍትልዎታለን፣ 7:45 ላይ ባልደረባችን ይደውልልዎታል። 10 ሰዓት ላይ የደረስንበትን እንደገና እናሳውቅዎታለን።"

እዩት። ምክንያቱ አለ፣ የሚያግደው ነገር የማን እንደሆነ አለ፣ አዲስ ሰዓት አለ፣ እስከዚያ የሚደረግ ነገር አለ፣ ቀጣይ የምንደውልበት ሰዓት አለ። "በተቻለ ፍጥነት" የሚል ቃል የለበትም። "ቡድናችን በትጋት እየሠራበት ይገኛል" የሚል የለበትም። እባካችሁ ይሄን ዓረፍተ ነገር ከቴምፕሌታችሁ አጥፉት! ደንበኛው ምንም አያደርግበትም። ደንበኛችሁ ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር ጻፉ፣ ዱባይ ያለ ሰው "11 ሰዓት" ስትሉት ጠዋት ሊመስለው ይችላል።

ላፕቶፖቹ ነገሩን በጣም አቀለሉት። ኢንተርኔቱ እኮ ይሠራል፣ የተዘጋው የቅርንጫፉ የጋራ መስመር ነው፣ በግል ቪፒኤን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለብቻው መግባት ይችላል። ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች ከ8 ሰዓት ጀምሮ መሥራት ቻሉ፣ ወረፋው ዘገምተኛ ነበር ግን ሄደ። ታዲያ ይሄ መፍትሔ ነው፣ ሰዓቱ ይቁም? አንዳንድ ውል አገልግሎቱ ከተመለሰ በጊዜያዊ መንገድም ቢሆን ተፈቷል ይላል። እኛ ግን አላቆምነውም፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ሠራተኞች አሁንም ሲስተም የላቸውም፣ ሥራ አስኪያጁም "ተፈቷል" አላሉም። ተጠቃሚው ሳይል እናንተ ብቻ "ተፈቷል" አትበሉ።

11 ሰዓት ላይ ተፈረመ፣ 11:10 ላይ ቪፒኤኑ ተነሳ። በ40 ደቂቃ አመለጠን። ቀይ ሆነ፣ ሪፖርቱ ላይም ቀይ ሆኖ ገባ። የዚያን ወር ደንበኛው የከፈታቸው ቲኬቶች 20 ናቸው እንበል፣ ውሉ 95 በመቶ ከሆነ አንድ ማምለጥ ልክ 95 ላይ ያቆማችኋል፣ ሁለት ከሆነ 90 ነው። ጥቂት ቲኬት ላለው ደንበኛ አንድ ቀይ ብዙ ነው፣ ሐብሐቡ የሚያጓጓውም ለዚህ ነው፣ ይገባኛል። ቢሆንም ቀዩ ትክክለኛ ቦታው ላይ ስለተጻፈ ነው ለአለቆቻችን "ተተኪ ፈራሚ ስጡን" ብለን መጠየቅ የቻልነው። ምክንያቱ ላይ "የውስጥ ፈቃድ መጠበቅ" ብለን ነው የመዘገብነው፣ "የኔትወርክ ችግር" ብንል ኖሮ ማንም ፈራሚውን አያስታውሰውም ነበር። ተተኪም ተመደበ።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጥያቄ እንሄዳለን። ካመለጠ በኋላ ያለው ጊዜ። ይሄ አደገኛ ነው። ቲኬቱ ቀይ እስኪሆን ሁሉም ይረባረባል፣ ቀይ ከሆነ በኋላ ግን ለሪፖርቱ በ40 ደቂቃ ያመለጠና በአራት ቀን ያመለጠ እኩል ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ቀይ ናቸው። ስለዚህ ሰው ሳያስበው ፊቱን ገና ወዳላመለጡት ያዞራል፣ አንዳንዱም ያመለጡትን ከኪው ላይ በፊልተር ይደብቃቸዋል፣ ዓይን ስለሚያስጨንቁ። እነሱ ደግሞ በጣም የተበሳጩት ደንበኞች ናቸው! እኛ ጋ ያመለጡት የራሳቸው ኪው አላቸው፦

```
"Time to resolution" = breached()
AND resolution IS EMPTY
ORDER BY created ASC
```

በየቀኑ ጠዋት 2:30 ላይ ከማንኛውም አዲስ ቲኬት በፊት ይሄ ይከፈታል። እያንዳንዱ ላይ የሰው ስምና ለደንበኛው የተነገረ አዲስ ሰዓት መኖር አለበት፣ ስታተስ ሳይሆን ሰዓት። አዲሱ ሰዓት ካለፈ እንደገና ይደወላል፣ ያን ጊዜ የሚደውለው ኤጀንቱ አይደለም፣ ቲም ሊደሩ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የተጣሰ ቃል ኤጀንት ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።

እሺ፣ ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፣ ከኋላ ያለሽው ቀድመሽ አውጥተሽ ነበር፣ ማይኩን ስጧት።